ንድፉ ላይ የማይታየው ቧንቧ

ለመታጠቢያ ቤትና ለማእድ ቤት ውሃ የሚዘረጋ ባለሙያ ዕቃ ከመግዛቱ በፊት መስመሩን ወረቀት ላይ ይስላል። ይህ ንድፍ ቤቱን ከላይ ስለሚያሳይ ግድግዳ ላይ ሽቅብ የሚወጣው ቧንቧ አይታይበትም። ዕቃ ሲጎድልም አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው እዚያ ላይ ነው።

ሁለቱ ክፍሎች አንድ ግድግዳ የሚጋሩበትን ቤት እንውሰድ። ከመታጠቢያ ቤቱ በኩል ስናይ ከመግቢያው ቫልቭ ተነስተን ከግራ ወደ ቀኝ በተርታ ሽንት ቤት፣ ከግድግዳው ማዶ የማእድ ቤት ሲንክ፣ የእጅ መታጠቢያ፣ ሻወር፣ መጨረሻም ቦይለር አለ። ቧንቧው 20 ሚሊሜትር ፒፒአር ነው። በንድፉ ላይ ቀዝቃዛው 4 ሜትር፣ ሙቁ 3.2 ሜትር ይሄዳል፤ ድምሩ 7.2 ነው። አሁን ከፍታውን እንጨምር። ቀዝቃዛው ከወለል 10፣ ሙቁ 20 ሴንቲሜትር ላይ ቢዘረጋ፣ የሲንኩና የእጅ መታጠቢያው ውሃ 55 ሴንቲሜትር ላይ፣ የሻወሩ 1.10 ሜትር፣ የቦይለሩ 1.80 ሜትር፣ የሽንት ቤቱ 20 ሴንቲሜትር ላይ ይወጣል። ሽቅቡ ብቻ ለቀዝቃዛው 3.7፣ ለሙቁ 3.2 ሜትር ይሆናል። ጠቅላላው 14.1 ሜትር ደረሰ ማለት ነው፤ ወረቀቱ ከነገረን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ባለ 4 ሜትር ዘንግ ከገዛን ለእያንዳንዱ መስመር ሁለት ሁለት ያስፈልጋል። ቀዝቃዛው ላይ የሚተርፈው 30 ሴንቲሜትር ብቻ ስለሆነ አንዴ ያለ ልክ የቆረጠ ሰው ሦስተኛ ዘንግ ሊገዛ ነው።

መገጣጠሚያውን ለመቁጠር ጥሩ ማረጋገጫ አለ፤ በአንድ መስመር ላይ የቲው ብዛት ከውሃ መውጫዎቹ በአንድ ያንሳል። ቀዝቃዛው አምስት ቦታ ይወጣልና አራት ቲ፣ ሙቁ ከቦይለሩ ተነስቶ ሦስት ቦታ ይደርሳልና ሁለት ቲ ይፈልጋል። ቁጥሩ ካልገጠመ የተረሳ መውጫ አለ። በየጫፉ ባለ ጥርስ ኤልቦ ይገባል፤ ሙቅ ውሃ የሚነሳበትን የቦይለር ጫፍ ጨምረን ዘጠኝ ነው። ተራ ኤልቦ ሦስት ይበቃል፤ አንዱ ቀዝቃዛው ወደ ቦይለሩ ሲታጠፍ፣ ሁለቱ ሙቁ ከቦይለሩ ወርዶ ሲዞርና ሲንኩ ጋ ሲወጣ።

ብዙ ሰው የሚዘለው መስመሮቹ የሚቋረጡበትን ቦታ ነው። ሙቅ ሁልጊዜ በተጠቃሚው ግራ ስለሚሆን፣ ወደ እጅ መታጠቢያውና ወደ ሻወሩ የሚወጣው ቀዝቃዛ ቧንቧ ሙቁን መሻገር አለበት፤ ለዚህ ሁለት ጎባጣ መሻገሪያ ይገዛል። ሲንኩ ጋ ግን መሻገሪያ አያስፈልግም፤ ተጠቃሚው ከግድግዳው ማዶ ስለሚቆም ግራና ቀኙ ይገለበጣል። ይህን ያላስተዋለ ባለሙያ የሲንኩን ሙቅና ቀዝቃዛ አቀያይሮ ይገጥማል፤ ስህተቱም የሚታወቀው ሴራሚኩ ከተለጠፈ በኋላ ነው።

ፍሳሹ ለብቻው ይቆጠራል፤ ለሽንት ቤት 110፣ ለሌላው 50 ሚሊሜትር ፒቪሲ የተለመደ ነው። ከግዢው ዝርዝር ግርጌ ዘጠኝ መድፈኛም ይጻፍ። ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ጫፎቹ ሁሉ ተደፍነው መስመሩ በግፊት የሚፈተነው በእነሱ ነው።