ከመቶ የሚያልፈው ድምር

ረቂቅ የጥናት ሪፖርት በላክሁ ቁጥር ከሚመለሱልኝ አስተያየቶች አንዱ «የዚህ ሰንጠረዥ ድምር 190 በመቶ ሆኗል፤ ይስተካከል» የሚል ነው። ብዙ መልስ የሚፈቅድ ጥያቄ ላይ ግን የሚስተካከል ነገር የለም።

ለስሌት እንዲቀለን 200 ገበሬዎችን «የእህል ዋጋ ከየት ይሰማሉ?» ብለን ጠየቅን እንበል። 120ዎቹ ጎረቤትን፣ 100ዎቹ ነጋዴን፣ 90ዎቹ ሬዲዮን፣ 70ዎቹ የልማት ሠራተኛን ጠቀሱ። መልሱ 380፣ ሰዉ ግን 200 ነው። እያንዳንዱን ለ200 ስናካፍል 60፣ 50፣ 45 እና 35 በመቶ እናገኛለን። ድምሩ 190 መሆኑ አንድ ገበሬ በአማካይ 1.9 ምንጭ ጠቅሷል ማለት ነው፤ ራሱን የቻለ መረጃ ነው።

ድምሩን 100 ለማድረግ ሲባል ለ380 ሲካፈል ጎረቤት ወደ 32 በመቶ ይወርዳል። ይህ ከመልሶቹ መካከል የጎረቤት ድርሻ ነው። አንባቢው ግን «ከጎረቤት የሚሰማው ከሦስት ገበሬ አንዱ ነው» ብሎ ይረዳዋል፤ በእርግጥ ከአምስቱ ሦስቱ ናቸው። SPSS ሁለቱን ጎን ለጎን ያወጣቸዋል፤ ስለ ሰዎች የሚናገረው `Percent of Cases` የሚለው ዓምድ ነው። እንዲህ ያለውን ውጤት በፓይ ቻርት ማሳየትም አይሆንም፤ ክቡ አንድ ሰው አንድ ቁራጭ ውስጥ ብቻ እንዳለ ያስመስላል።

መደመሩም ያሳስታል። ሬዲዮ 45፣ የልማት ሠራተኛ 35 ስለሆነ «80 በመቶው ከአንዳቸው ይሰማል» ማለት አይቻልም። 50 ገበሬዎች ሁለቱንም ጠቅሰው ከሆነ፣ ከሁለቱ ቢያንስ አንዱን የጠቀሱት 110 ናቸው፤ 55 በመቶ። ይህን ከታተመው ሰንጠረዥ ማውጣት አይቻልም፤ ወደ እያንዳንዱ ሰው መልስ መመለስ ያስፈልጋል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን መስክ ላይ የሚሆነው ነው። አንዱ ጠያቂ የመጀመሪያውን መልስ መዝግቦ ያልፋል፤ ሌላው «ሌላስ?» እያለ ይጠብቃል። የሁለተኛው መላሾች ብዙ ምንጭ ይጠቅሳሉ፤ አኗኗራቸው ስለተለየ ሳይሆን ስለተጠየቁ ነው። ምርጫዎቹ አንድ በአንድ ተነበው «አዎ» ወይም «አይ» ሲባልባቸው ደግሞ ቁጥሩ ይበልጥ ከፍ ይላል። ስለዚህ አምና 45 በመቶ የነበረው ሬዲዮ ዘንድሮ 58 ቢሆን፣ መጀመሪያ የማየው ሌሎቹ ምንጮችም አብረው ጨምረው እንደሆነ ነው። ሁሉም አብረው ከጨመሩ፣ የተለወጠው አድማጩ ሳይሆን አጠያየቁ ሊሆን ይችላል።

ይህን ለመለየት በየጠያቂው የአንድ መላሽን አማካይ የመልስ ብዛት አሰላለሁ። በአንድ ቀበሌ አንዱ 1.2፣ ሌላው 2.6 ካመጡ፣ ሥራው ሳያልቅ አብሬያቸው ወጥቼ ሲጠይቁ እሰማለሁ። መጠይቁ ላይም «ሌላ የለም እስኪሉ ድረስ “ሌላስ?” ብለህ ጠይቅ» የሚል መመሪያ አስገባለሁ፤ ከሰንጠረዡ ግርጌም ጥያቄው እንዴት እንደቀረበና የመላሾቹን ብዛት እጽፋለሁ።