ኮፊ አናን በቻርልስ ወንዝ ዳር ያገኙት መልስ

ኮፊ አናን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዋና ጸሐፊ ሆነው ሥራ ከጀመሩ ገና ግማሽ ዓመት ሳይሞላቸው፣ በ1997 እ.ኤ.አ.፣ ኤም.አይ.ቲ. ተብሎ በሚጠራው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የምረቃ ንግግር አደረጉ። አብዛኛው ንግግራቸው ስለ ድርጅቱና ስለ ዓለም አቀፍ ትብብር ነበር። ለተመራቂ ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ስለ ራሳቸው የተማሪነት ዘመን የተናገሯት አጭር ታሪክ ናት።

በ1971 ወደዚያው ተቋም ሥራ አመራር ሊማሩ ሲገቡ ዕድሜያቸው 33 ነበር። የክፍል ጓደኞቻቸው እንደ እርሳቸው ጥቂት ዓመታት በሥራ ላይ ቆይተው የመጡ፣ እያንዳንዳቸው በልጦ ለመታየትና መሪነቱን ለማስመስከር የቆረጡ ሰዎች ነበሩ። ፉክክሩ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ የጋለ ነበር። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ሲጋመስ አናን በቻርልስ ወንዝ ዳር እየተራመዱ፣ በእነዚህ ጎበዞች መካከል እንዴት ልዘልቅ ነው ብለው ራሳቸውን ጠየቁ። የመጣላቸው መልስ በእነርሱ ደንብ በመጫወት አይደለም የሚል ነበር። ደህና አድርጎ ለመምረጥ ማን እንደሆኑ፣ ለምን ነገር እንደቆሙ፣ ወዴት መሄድ እንደሚፈልጉና ለምን እንደሚፈልጉ ማወቅ እንዳለባቸው ገባቸው። ጭንቀታቸው የለቀቃቸው ቀስ በቀስ እንደሆነም ለተመራቂዎቹ ተናግረዋል። ይህን አለመደበቃቸውን እወድላቸዋለሁ፤ ብዙ ተናጋሪ ጭንቀቱ በአንድ ሌሊት እንደጠፋ አድርጎ ያወራልና።

መልሱ ከየት እንደመጣ ለመረዳት አናን ወደ ክፍሉ ይዘውት የገቡትን ማየት ይበቃል። ጋና ኩማሲ ተወልደው፣ አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ኢኮኖሚክስ ተምረው፣ በ1962 ጄኔቫ ላይ በዓለም ጤና ድርጅት ሥራ ጀመሩ። ከዚያም እዚህ አዲስ አበባ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሠርተዋል። የሕዝብ አገልጋይ ሆኖ የኖረ ሰው፣ ለኩባንያ ኃላፊ በተቆረጠ ሚዛን ራሱን ቢመዝን ሁልጊዜ ጎድሎ ነው የሚገኘው። ሚዛኑ የተሠራው ለሌላ ዕቃ ነው።

ከዚያ በኋላ መንገዳቸው ቀጥ አላለም። በ1974 ወደ አገራቸው ተመልሰው የጋና ቱሪዝም ዳይሬክተር ሆኑ፤ ሁለት ዓመት ያህል ሠርተው እንደገና ወደ ተባበሩት መንግሥታት ተመለሱ። በ1975 አንድ የክፍል ጓደኛቸው አግኝቷቸው ቢሆን ኖሮ፣ ከዓለም አቀፍ ድርጅት ወጥቶ ቱሪዝም መሥሪያ ቤት የገባ ሰው ወደ ኋላ እንደቀረ ይቆጥራቸው ነበር። ከድርጅቱ ሠራተኞች መካከል አድጎ ለዋና ጸሐፊነት የበቃ የመጀመሪያው ሰው ግን እርሳቸው ናቸው።

የእኛ ተመራቂ ጋዋኑን ሳያወልቅ የሚሰማው ጥያቄ «የት ገባህ? ስንት ይከፍሉሃል?» ነው። በሒሳብ አያያዝ የተመረቀች አንዲት ልጅ እናስብ። አዲስ አበባ ያለ ባንክ የጀማሪ ሥራ ሰጥቷታል፤ ደሴ ያለ ትንሽ የኦዲት ቢሮ ደግሞ ባነሰ ደመወዝ ይፈልጋታል። ጓደኞቿ ባንክ ስለገቡ ብቻ ባንክ ከገባች የመረጡላት እነርሱ ናቸው። በአናን ጥያቄዎች ብትሄድ መጀመሪያ የምታየው ምን ዓይነት ሥራ ስትሠራ ሰዓቱ እንደማይታወቃት ነው። ቀጥሎ ከ3 ዓመት በኋላ ምን መቻል እንደምትፈልግ ትጠይቃለች። የሙሉ ድርጅት ሒሳብ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መሥራት ከሆነ ፍላጎቷ፣ ትንሹ ቢሮ ቶሎ ሊያስተምራት ይችላል። እናቷ የምትጠብቀው የወር ገንዘብ ካለና የደሴው ደመወዝ ያንን የማይሸፍን ከሆነ ግን ባንክ መግባቷ ትክክል ነው፤ ምክንያቱ የራሷ ነውና።

አንድ ልዩነት መዘንጋት የለበትም። አናን ወንዝ ዳር ሲያሰላስሉ የሥራ ልምድ የያዙ ሰው ነበሩ። ሥራ የሌለው የ22 ዓመት ወጣት ግን እስኪረጋጋ ቤት ይቀመጥ ማለት ጉዳት ነው። ለእርሱ የሚበጀው የተገኘውን ሥራ ይዞ፣ ምን እንደሚስማማውና ምን እንደማይስማማው እየሠራ መለየት ነው።

ዘንድሮ በምረቃ መድረክ ላይ እንድትናገሩ የተጋበዛችሁ ሁሉ፣ ማዕረጋችሁን ከዘረዘራችሁ በኋላ ግራ የተጋባችሁበትን ዓመትም ለልጆቹ ንገሯቸው። ወላጆችም ብትሆኑ የጎረቤትን ልጅ ደመወዝ ከመጥቀሳችሁ በፊት፣ ልጃችሁ ምን እንዳሰበ እስከ መጨረሻው አድምጡት።