«ይኖራሉ» ወይስ «ይዋደዳሉ»?

በጀርመን ትምህርት ቤቶች እስከ 1941 ድረስ ይሰጥ የነበረውን ኩረንት የተባለ ቅጥልጥል የእጅ ጽሕፈት ዛሬ ብዙ ጀርመናውያንም አያነቡትም። አንድ ሰው የአያቱን ደብዳቤ በስልክ ፎቶ አንስቶ ቢልክልዎ፣ ከመተርጎምዎ በፊት ጀርመንኛውን ፊደል በፊደል ይገልብጡ።

በኩረንት «ኤ» ሁለት ቀጫጭን ጭረት ነው፤ «ኤን»ም እንዲሁ፣ ትንሽ ሰፋ ብሎ። «ኢ» አንድ ጭረትና ነጥብ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ የታጠፈበት መስመር ነጥቧን ከበላ፣ «ሌበን» (መኖር) እና «ሊበን» (መውደድ) የሚለዩት በአንዲት ጭረት ብቻ ነው። ያኔ ጸሐፊው በእርግጠኝነት በሚነበቡ ሌሎች ቃላት ውስጥ «ኢ»ን እንዴት እንደሚጥል ያመሳክሩ። ብርሃን ከጎን እየመጣ፣ ስልኩ ከወረቀቱ ትክክል በላይ ሆኖ የተነሣ ሌላ ፎቶም ይጠይቁ።

ካልለየልዎ «ልጆቹ በደስታ [ይኖራሉ? ወይም ይዋደዳሉ?]» ብለው ይጻፉ። ጨርሶ ለማይነበበው «[2 ቃላት አልተነበቡም]» ይበቃል። በእኔ እይታ ከተሳሳተ ትርጉም ይልቅ የሚከፋው ያማረ ግምት ነው፤ ዐረፍተ ነገሩ ስለሚፈስስ ማንም አይጠረጥረውም። ቅንፉን ለማሳመር ሲባል አያጥፉት፤ ቀጣዩ አንባቢ የት ቦታ ደግሞ ማየት እንዳለበት የሚያውቀው በእሱ ነው።