ሰማንያን አልፎ የሚቆየው መስመር

እ.ኤ.አ. በ2020 ጁላይ አጋማሽ ላይ የአንድ አውንስ ወርቅ ዋጋ ከ1,800 ዶላር ጥቂት ከፍ ብሎ ነበር። ዓለም በኮቪድ ተጨንቃለች፣ ማዕከላዊ ባንኮች ወለድን ወደ ዜሮ አውርደዋል፣ ወርቅ ፈላጊው በዝቷል። ጁላይ 27 ቀን ዋጋው ከ2011 ጀምሮ የቆየውን ክብረ ወሰን ሰበረ። ኦገስት 4 ቀን 2,000 ዶላርን አለፈ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ 2,075 አካባቢ ደረሰ። በእነዚያ ሳምንታት በብዙ ትሬደሮች ቻርት ግርጌ የሚታየው ስቶካስቲክ ኦሲሌተር በየቀኑ ለማለት ይቻላል አንድ ነገር ሲናገር ሰነበተ፤ ወርቁ ከልክ በላይ ተገዝቷል። ይህን አምኖ ጁላይ 21 በ1,840 ገደማ የሸጠ ሰው ኦገስት 6 ሲደርስ በእያንዳንዱ አውንስ 220 ዶላር ያህል ከስሮ ነበር። በደላሎች ዘንድ አንድ ሙሉ ሎት 100 አውንስ ስለሆነ፣ በሙሉ ሎት የገባ ሰው ኪሳራ 22,000 ዶላር ይሆናል።

ይኸው መሣሪያ፣ በዚያው ዓመት፣ በዚያው ወርቅ ላይ፣ ከሴፕቴምበር መጨረሻ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ ግን ዋጋው የሚመለስበትን ቦታ ደጋግሞ በትክክል አመለከተ። የተቀየረው መሣሪያው ሳይሆን ገበያው ነው።

ስቶካስቲክን በ1950ዎቹ በቺካጎ አካባቢ በሚያስተምርበት ወቅት ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ጆርጅ ሌን ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ያለፉትን ቀናት፣ አብዛኛውን ጊዜ 14 ቀናትን፣ ይወስድና በእነዚያ ቀናት ውስጥ የታየውን ከፍተኛ ዋጋና ዝቅተኛ ዋጋ ይለያል። ከዚያም የዛሬው መዝጊያ ዋጋ በሁለቱ መካከል የት ላይ እንደቆመ በመቶኛ ይናገራል። ወለሉ ላይ ከዘጋ ዜሮ፣ ጣሪያው ላይ ከዘጋ መቶ ይሆናል።

```
%K = 100 × (C − L14) / (H14 − L14)
```

C የዛሬው መዝጊያ፣ L14 የ14 ቀኑ ዝቅተኛ፣ H14 የ14 ቀኑ ከፍተኛ ዋጋ ነው። ጁላይ 30 ቀን 2020 ያለውን ወርቅ ወደ አሥር ዶላር አጠጋግተን እናስላ። ዝቅተኛው 1,790፣ ከፍተኛው 1,980፣ መዝጊያው 1,960 ነበር። ከወለሉ የራቀው 170 ዶላር ሲሆን የሜዳው ስፋት 190 ዶላር ነው። ስለዚህ %K 89 ይሆናል። ከ80 በላይ ያለው ቦታ በተለምዶ «ከልክ በላይ የተገዛ»፣ ከ20 በታች ያለው ደግሞ «ከልክ በላይ የተሸጠ» ይባላል።

ስያሜው ብዙ ሰው አሳስቷል። ስሌቱ ውስጥ ዋጋው ውድ ይሁን ርካሽ የሚናገር ነገር የለም። 89 ማለት ወርቁ ባለፉት 14 ቀናት ከታየው ሜዳ ላይኛው ጫፍ አጠገብ ዘጋ ማለት ብቻ ነው። ዋጋው በየቀኑ አዲስ ከፍታ ሲያስመዘግብ ደግሞ ጣሪያው አብሮት ይነሳል፣ የድሮዎቹ ዝቅተኛ ዋጋዎችም ከ14 ቀኑ መስኮት ስለሚወጡ ወለሉ ይከተላል። ሰውየው በሊፍት ሲወጣ ሕንፃውም ፎቅ እየጨመረ እንደሚሄድ ነው፤ ሁልጊዜ ላይኛው ፎቅ ላይ ነው፣ ግን ጣሪያ አልነካም። ስለዚህ ጠንካራ አቅጣጫ በያዘ ገበያ መስመሩ 80ን አልፎ ሳምንታት ቢቆይ ስህተት አይደለም። እንዲያውም የገዢውን ጉልበት ነው የሚያሳየው።

መስመሮቹ ግን አንድ አይደሉም። ከላይ የተሰላው ፈጣኑ %K ነው። በየቀኑ ከመዝጊያው ጋር ይዘልላል፣ ስለዚህም ብዙ ጊዜ ያለምክንያት ይወራጫል። ይህን ለማብረድ የሦስት ቀን አማካዩ ይወሰድና %D ተብሎ ከጎኑ ይሰመራል። ሁለቱ ሲቋረጡ እንደ ምልክት ይቆጠራል፤ %K %D-ን ከላይ ወደ ታች ካቋረጠ የመሸጥ፣ ከታች ወደ ላይ ካቋረጠ የመግዛት። ይህ ጥንድ ፈጣኑ ስቶካስቲክ ነው። ዘገምተኛው ስቶካስቲክ ደግሞ ይህን የፈጣኑን %D ወስዶ የራሱ %K ያደርገዋል፤ የዚያን የሦስት ቀን አማካይ እንደገና ያወጣና አዲስ %D ይለዋል። በሌላ አነጋገር ዘገምተኛው አንዴ ሳይሆን ሁለቴ የተጣራ ነው።

እዚህ ላይ ጀማሪው የማያስተውለው ወጥመድ አለ። በትሬዲንግቪው ላይ ስቶካስቲክን ያለ ምንም ለውጥ ሲከፍቱት 14, 1, 3 ይላል፤ መሐል ያለው 1 ማጣሪያ እንደሌለ የሚናገር ስለሆነ የሚታየው ፈጣኑ ነው። በሜታትሬደር ግን 5, 3, 3 ሆኖ ይመጣል፤ ዘገምተኛ ነው፣ የሚያየውም አምስት ቀን ብቻ ነው። ሁለት ጓደኛሞች አንዱን ወርቅ እያዩ፣ አንዱ «ቆረጠ» ሲል ሌላው «ገና ነው» ብለው የሚከራከሩት ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው። መጀመሪያ መታየት ያለበት ይህ መሐለኛው ቁጥር ነው።

የሁለቱን ልዩነት ከኦገስት 2020 የተሻለ የሚያሳይ ሳምንት ማግኘት ይከብዳል። በተጠጋጋ ዋጋ ሲሰላ (የየደላላው ዋጋ በጥቂቱ ይለያያል) ፈጣኑ %K ኦገስት 5 ቀን 94፣ ኦገስት 6 ቀን 98፣ ኦገስት 7 ቀን 85 ነበር። ቅዳሜና እሑድ አልፎ ሰኞ ኦገስት 10 ቀን 80 ሆነ። ማክሰኞ ኦገስት 11 ቀን ወርቅ ከ5 በመቶ በላይ ወድቆ 1,910 አካባቢ ዘጋ። በዚያን ቀን የ14 ቀኑ ወለል 1,860፣ ጣሪያው 2,075 ስለነበር ፈጣኑ %K ወደ 23 ተወረወረ።

ዘገምተኛውስ? በዚያው ቀን የሦስቱ የመጨረሻ ቁጥሮች ማለትም የ85፣ የ80 እና የ23 አማካይ 63 ነው። በቻርቱ ላይ የሚታየው ዘገምተኛ %K ስለዚህ ገና ከመሐል በላይ ነው። ዘገምተኛው %D ደግሞ በ81 ላይ ነው፤ አሁንም «ከልክ በላይ የተገዛ» በሚባለው ክልል ውስጥ። ወርቁ ከመቶ ዶላር በላይ ከወደቀ በኋላ ማለት ነው። ዘገምተኛውን ብቻ የሚያይ ሰው %D ከ80 በታች እስኪወርድ ልጠብቅ ቢል ኖሮ የውድቀቱ ዋና ክፍል አምልጦት ነበር።

እንግዲያው ፈጣኑ ይሻላል ማለት ነው? አይደለም። ጁላይ መጨረሻ ላይ ፈጣኑ %K %D-ን ወደ ታች ቆርጦ፣ በማግስቱ ወደ ላይ ቆርጦ፣ በሦስተኛው ቀን ዳግመኛ ወደ ታች ሲቆርጥ ወርቁ ከዚያ በኋላ ሌላ መቶ ዶላር ወጥቷል። ፈጣኑን የሚከተል ሰው በዚያ ሳምንት ሁለት ጊዜ ሸጦ ሁለቴም ይቃጠል ነበር። ማጣሪያው የሐሰት ምልክትን ይቀንሳል፤ ዋጋውን የሚከፍለው በመዘግየት ነው። አቅጣጫ በያዘ ገበያ ውስጥ የ80ን መስመር የመሸጫ ምልክት አድርጎ የወሰደ ሰው ግን ፈጣኑንም ቢመርጥ ዘገምተኛውንም ቢመርጥ አይድንም፤ ችግሩ የመስመሩ ፍጥነት አይደለምና።

ከሴፕቴምበር መጨረሻ ጀምሮ ነገሩ ተለወጠ። ወርቅ በ1,850 እና በ1,970 ዶላር አካባቢ መካከል ታጥሮ ወዲያና ወዲህ ይል ጀመር። ሴፕቴምበር 24 ቀን 1,868 አካባቢ ሲዘጋ ፈጣኑ ስቶካስቲክ ወደ 16 ወርዶ ነበር፤ ከዚያ ዋጋው ተነስቶ በኦክቶበር ሁለተኛ ሳምንት 1,930 ደረሰ፣ መስመሩም ጣሪያውን ነካ። ከዚያ ተመልሶ ኦክቶበር 29 ቀን 1,867 አካባቢ ሲዘጋ መስመሩ 10 ላይ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ወርቁ ከ1,900 በላይ ተመለሰ። አጥሩ ሳይንቀሳቀስ ሲቀር ከ20 በታች የሚለው ቁጥር እውነተኛ ወለል ላይ ይወድቃል። ስሌቱ አንድ ነው፣ ትርጉሙ ግን ሌላ።

ስለዚህ ጥያቄው የትኛው ቅንብር ይሻላል የሚለው ሳይሆን ገበያው አሁን ምን ዓይነት ነው የሚለው ነው። ለዚህ ብዙዎች ዌልስ ዋይልደር በ1978 ያስተዋወቀውን ADX ጎን ለጎን ይከፍታሉ፤ ከ25 በላይ ከሆነ አቅጣጫ አለ፣ ከ20 በታች ከሆነ የለም ይላሉ። እርሱም ግን በአማካይ ላይ አማካይ የተሠራ በመሆኑ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ከራሱ ከስቶካስቲክ የሚነበብ ፍንጭም አለ። መስመሩ ላይኛው ክልል ውስጥ ቀናት ከቆየና ሲወርድም 50 አካባቢ ደርሶ ከተመለሰ፣ ገበያው ወደ ላይ አቅጣጫ ይዟል። ልምድ ያላቸው ትሬደሮች በዚህን ጊዜ የመሸጥ ምልክቶቹን ሁሉ ይተዋሉ፤ የሚጠብቁት መስመሩ የሚወርድበትን፣ በአቅጣጫው ለመግባት የሚመቸውን ዕረፍት ነው። መስመሩ ከ20 እስከ 80 በሙሉ እየተመላለሰ፣ ዋጋው ግን የትም ካልሄደ፣ በሁለቱም ጫፍ መነገድ ይቻላል።

ኖቬምበር የዚህን አነባበብ ወሰን አሳየ። ኖቬምበር 9 ቀን ፋይዘርና ባዮንቴክ ክትባታቸው ውጤታማ መሆኑን ሲያስታውቁ ወርቅ ከ1,950 በላይ ከነበረበት በአንድ ቀን ወደ 1,860 ወረደ። መስመሩ ከዚያ በፊት 90 አካባቢ ስለነበር የሸጠው ተጠቀመ፤ የዜናውን መምጣት ግን መስመሩ አላወቀም ነበር። ኖቬምበር 23 ቀን ዋጋው ለሁለት ወር የያዘውን የ1,850 ወለል ሰብሮ 1,837 ላይ ሲዘጋ ፈጣኑ ስቶካስቲክ 5 ገደማ ነበር። ባለፉት ሁለት ወራት ልማድ ይህ የመግዣ ቦታ ነው። የገዛ ሰው ግን በሳምንቱ፣ ኖቬምበር 30 ቀን፣ ወርቁን 1,777 ላይ አገኘው፤ መስመሩም ገና 10 አካባቢ ነበር። በዚያ ቀን የሚጠቅመው ቁጥር ከ20 በታች ያለው ሳይሆን የተሰበረው 1,850 ነበር፤ ከወለሉ ጥቂት ዝቅ ብሎ ስቶፕ ሎስ አስቀምጦ የነበረ ሰው በአውንስ ጥቂት ዶላር ከፍሎ ከገበያው ወጥቷል።