ከብድሩ ጎን ያለችው ትንሽ ቁጥር

በቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማህበር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የሂሳብ ሪፖርት ሲነበብ፣ አብዛኛው አባል ጆሮውን የሚያቆመው የትርፍ ክፍፍል ሲነሳ ነው። ትርፉ እውነት መሆኑን የሚነግረው ገጽ ግን ከኋላ ነው። በታደለው ወረቀት ላይ «ለአባላት የተሰጠ ብድር» ከሚለው ጎን ያለችው ትንሽ ቁጥር፣ 7 እንበላት፣ ወደ ማብራሪያ 7 ትመራለች።

አንድ ምሳሌ እናስላ። የፊተኛው ገጽ ብድሩን 9,700,000 ብር ይላል። ማብራሪያው ደግሞ ከተበዳሪዎች የሚፈለገው 10,000,000 ብር መሆኑንና ላይመለስ ይችላል ተብሎ 300,000 ብር መጠባበቂያ መያዙን ያሳያል። ዝቅ ብሎ ክፍያው ከ12 ወር በላይ የዘገየ ብድር 400,000፣ ከ1 እስከ 12 ወር የዘገየ ደግሞ 1,000,000 ብር ተጽፏል።

መጠባበቂያው ይበቃል? የዓለም የብድር ማህበራት ምክር ቤት «ፐርልስ» በተባለው መለኪያው ለመጀመሪያው ሙሉውን፣ ለሁለተኛው 35 በመቶውን ያዙ ይላል። 400,000 እና 350,000 ሲደመሩ 750,000 ይሆናሉ፤ የ450,000 ብር ጉድለት አለ ማለት ነው። ማህበሩ 600,000 ብር አተረፍኩ ብሎ ከሆነ፣ በዚህ መለኪያ የቀረው 150,000 ብቻ ነው። ሳይኖር የተከፋፈለ ትርፍ የሚመጣው እንዲህ ነው።

«የዘገየ» የሚለው ቃልም ያሳስታል። 60,000 ብር ቀሪ ዕዳ ያለበት አባል በወር 2,500 መክፈል ሲገባው ሦስት ወር ቢዘል፣ የዘገየ ተብሎ የሚመዘገበው 60,000ው እንጂ 7,500ው አይደለም። ያልተከፈለውን ብቻ የሚቆጥር ማህበር ሠንጠረዡ ያማረ ይመስላል። የሂሳብ ፖሊሲ የሚለውን ማብራሪያም እዩ፦ ባልተከፈለ ብድር ላይ ወለድ እንደ ገቢ መያዙን ይቀጥላል? ከቀጠለ፣ ትርፉ ውስጥ ማንም በእጁ ያልጨበጠው ገንዘብ አለ።

ጉድለት ሲመጣ መጀመሪያ ትርፍ ይነካል፣ ከዚያ የማህበሩ መጠባበቂያ ሀብት፣ ቀጥሎ የአባላት ዕጣ፣ በመጨረሻም ቁጠባ። ቁጠባችን በዕዳ ተራ ተጻፈ ብሎ የሚቆጣ አባል አይጠፋም፤ ማህበሩ ሲጠየቅ የሚመልሰው ገንዘብ ስለሆነ ግን ቦታው እዚያው ነው። ዕጣው ግን ያከራክራል። በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ መሠረት አባል ዕጣዬን መልሱልኝ ሲል ማህበሩ እምቢ የማለት መብት ከሌለው፣ ሌላ ሕግም ካልከለከለው፣ ዕጣውም በመሠረቱ ዕዳ ነው። ስለዚህ የካፒታሉን ማብራሪያ ከመተዳደሪያ ደንቡ ጋር ጎን ለጎን ማንበብ ይገባል፤ ብድሩ ሲበላሽ ቀድመው የሰሙት ዕጣቸውን ይዘው መውጣት ከቻሉ፣ ጉድለቱን የሚሸከመው የቀረው ቆጣቢ ነውና።