ኩፍኝ የያዘው ልጅ መቼ ትምህርት ቤት ይመለስ?

ኩፍኝ ምን እንደሆነ ለጎንደር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ትኩሳት፣ ሳል፣ የአፍንጫ ፈሳሽና የቀላ ዓይን፣ ከዚያ ሽፍታ ነው። ቫይረስ ነው፤ በትንፋሽ ይተላለፋል። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ይህ በሽታ ቀጠሮ አክባሪ መሆኑ ነው። ቀኑን መቁጠር የሚያውቅ ቤተሰብና መምህር፣ ልጁ መቼ እንደሚያስተላልፍ፣ መቼ እንደሚያቆም፣ ወንድሙ መቼ እንደሚታመም አስቀድሞ መናገር ይችላል።

በአንድ ልጅ እንየው። ቤተሰቡ ለጥምቀት ከደባርቅ ጎንደር ወርዶ ነበር እንበል። ያልተከተበው የስምንት ዓመት ልጃቸው ጥር 11 ቀን በአፄ ፋሲል መዋኛ ዙሪያ ከታጨቀው ሕዝብ መካከል ቫይረሱን ተነፈሰው። ደባርቅ ተመልሶ ለአሥር ቀን ያህል ምንም አይታይበትም፤ ይበላል፣ ይጫወታል፣ ይማራል፣ ለማንም አያስተላልፍም። ጥር 21 ትኩሳት ይጀምረዋል። ያስላል፣ ያነጥሳል፣ ብርሃን ዓይኑን ይወጋዋል። ሁሉም ሰው ጉንፋን ነው ይላል። ጥር 23 ወይም 24 አፉን ከፍቶ ጉንጩን ከውስጥ በኩል በደንብ ያየ ባለሙያ፣ ከመንጋጋ ጥርሶቹ ትይዩ እንደ ጨው ቅንጣት ያሉ ነጫጭ ነጥቦች ያገኛል። ጥር 25 ሽፍታው ይወጣል። በየልጁ ቀኑ ወደፊትም ወደኋላም ሊል ይችላል፤ ከተጋለጠበት ቀን እስከ ሽፍታው ከ7 እስከ 21 ቀን ይደርሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ሁለት ሳምንት ገደማ ነው።

ይህን የሁለት ሳምንት ርቀት በጥንቃቄ የቆጠረው ፓኑም የተባለ ወጣት የዴንማርክ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1846 ኩፍኝ ለ65 ዓመት ጠፍቶ የቆየባቸው የፋሮ ደሴቶች በወረርሽኝ ተመቱ። መንደሮቹ እንደ ጃናሞራ ሰፈሮች የተራራቁ ነበሩ፤ እንግዳም አይበዛባቸውም ነበር። ስለዚህ ሰዉ በሽታውን ይዞ የመጣው እንግዳ የትኛው እንደነበር፣ በየትኛው ቀን እንደገባ ያስታውስ ነበር። ፓኑም መንደር ለመንደር እየዞረ ያንን ቀን ሽፍታ ከወጣበት ቀን ጋር አስተያየ፤ ውጤቱ በየቦታው 13 ወይም 14 ቀን ሆነ። ከ65 ዓመት በፊት ታመው የነበሩ ሽማግሌዎች ግን ዳግም አልታመሙም።

ወደ ደባርቁ ልጅ እንመለስ። ለሌላ ሰው ማስተላለፍ የሚጀምረው ሽፍታው ከመውጣቱ ከአራት ቀን በፊት ነው፤ በእኛ ልጅ ከጥር 21። የሚያበቃው ሽፍታው ከወጣ ከአራት ቀን በኋላ ነው። ሽፍታው የወጣበት ጥር 25 ዜሮ ተብሎ ይያዛል፤ 26 አንድ፣ 27 ሁለት፣ 28 ሦስት፣ 29 አራት። ጥር 30 ቀን ትኩሳቱ ከለቀቀውና መብላት ከጀመረ ትምህርት ቤት መግባት ይችላል።

ሰው የሚሳሳተው በሁለቱም ጫፍ ነው። አንደኛው ስሕተት ኩፍኝን ከሽፍታ መቁጠር ነው። ልጁ እያሰለ፣ እያነጠሰ ለፈተና ይላካል። ቫይረሱ ልጁ ከክፍል ከወጣ በኋላም እስከ ሁለት ሰዓት አየር ላይ ይቆያል፤ የጠዋት ፈረቃ ሲወጣ የከሰዓት ፈረቃ የሚገባበት ክፍል ከሆነ፣ ፊቱን አይተውት የማያውቁ ልጆች ሊይዛቸው ይችላል። የደጋው ብርድ መስኮት እንደሚያዘጋ አውቃለሁ፤ ቢሆንም በፈረቃ መሐል መስኮትና በሩን መክፈት ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ተቃራኒው ነው። አንድ እናት ልጃቸውን ቤት ካስቀመጡ ሦስት ሳምንት እንዳለፋቸው ነገሩኝ። “መምህሩ ‘ፊቱ ሳይጠራ እንዳታመጪው’ አሉኝ” አሉ። ልጁ ደጅ ኳስ ይጫወት ነበር፤ ፊቱ ላይ የቀረው ጠቆር ያለ ምልክትና እንደ ዱቄት የሚረግፍ ቆዳ ብቻ ነበር። “እትዬ፣ ይኼ ቆዳ ማንንም አይዝም፤ ነገ ይላኩት” አልኳቸው። ያ ምልክት ከሳምንት በላይ ሊቆይ ይችላል፤ እሱ እስኪጠፋ ልጅን ከትምህርት ማስቀረት ያለ ጥቅም መቅጣት ነው።

ለምን አራት ቀን? ምክንያቱም ሽፍታውን የሚያወጣው የልጁ ሰውነት ራሱ ነው። ቫይረሱ በቆዳ ውስጥ እስካሉ ጥቃቅን የደም ሥሮች ይደርሳል፤ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ቫይረሱ የገባባቸውን ሕዋሳት ማጥቃት ሲጀምሩ ቆዳው ሽፍ ይላል። ሽፍታ ማለት ውጊያው ተጀምሯል ማለት ነው፤ በሚቀጥሉት ቀናት ከልጁ ትንፋሽ የሚወጣው ተላላፊ ቫይረስ እየመነመነ ይሄዳል። መከላከያው በጣም የተዳከመ ልጅ ሽፍታው ላይወጣለት፣ የሚያስተላልፍበትም ጊዜ ሊረዝም ይችላል። በኤች አይ ቪ ወይም በከባድ የምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ መመለሻ በአራት ቀን ሒሳብ ብቻ አይወሰንም፤ ጤና ጣቢያ ይጠየቅ።

“ኩፍኙ ይውጣለት” ብለው ልጁን በጋቢ ጠቅልለው፣ ጨለማ ቤት አስተኝተው፣ ውሃና ምግብ የሚከለክሉትን እቆጣለሁ። ሽፍታው ሳይጠቀለልም ይወጣል። የታመመ ልጅ መጠጣት አለበት፤ የሚጠባም ይጥባ። ጤና ጣቢያ ከሄደ በተከታታይ ሁለት ቀን ቫይታሚን ኤ ይሰጠዋል፤ ዓይኑን ከመታወር፣ ሕይወቱንም ከሞት የሚታደግ ነው። ትንፋሹ ከፈጠነ፣ መጠጣት ካቃተው፣ የዓይኑ ብሌን ከደፈረሰ ወይም አፉ ክፉኛ ከቆሰለ ቀን መቁጠር ቀርቶ በዚያው ሰዓት ይወሰድ።

ቤት ውስጥ ያለችው ያልተከተበች እኅቱስ? ክትባት ከተጋለጠች በ72 ሰዓት ውስጥ ከደረሰላት በሽታውን ሊያስቀር ይችላል። ግን ተመልከቱ፤ እሷ የተጋለጠችው ከጥር 21 ጀምሮ ነው፤ ሽፍታው 25 ታይቶ ጤና ኬላ ሲነገር 72 ሰዓቱ አልፏል። የእሷ ሽፍታ ከየካቲት 5 አካባቢ ጀምሮ ይጠበቃል። ስለዚህ ከጥር መጨረሻ በኋላ የሚመጣባትን ትኩሳት ጉንፋን ብሎ ወደ ክፍል መላክ አይገባም። በአገራችን በ9 ወር እና በ15 ወር የሚሰጡት ሁለቱ ክትባቶች ይህን ሁሉ ሒሳብ ያስቀራሉ። በ9 ወር የሚሰጠው አንዱ ብቻ ከመቶ ሕፃናት 85 ያህሉን ይጠብቃል፤ ቀሪዎቹ ሁለተኛውን ይፈልጋሉ።

ብዙ ጊዜ ሽፍታው የወጣበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው አይገኝም። “ሰሞኑን ነው የወጣበት” ይላሉ። ያን ጊዜ ልጁን ከኩራዙ አርቃችሁ ደጅ ብርሃን ላይ አውጡት። በጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱ አይጎላም፤ በእጅ ሲዳሰስ የሚሻክረው ይበልጥ ይናገራል። ሽፍታው ከፀጉሩ ሥርና ከጆሮው ጀርባ ይጀምራል፤ በሁለተኛው ቀን ደረትና ክንድ፣ በሦስተኛው ቀን እግር ይደርሳል፤ የሚከስመውም በዚያው ቅደም ተከተል ነው። ፊቱ ላይ ብቻ ካለ ገና መጀመሩ ነው። እግሩ ላይ ትኩስ ሆኖ ፊቱ መክሰም ከጀመረ ሦስት ቀን ገደማ አልፎታል፤ ሁለት ቀን ይጨመርለት። እግሩም ጭምር ጠቁሮ ቆዳው መርገፍ ከጀመረ ጊዜው አልፏል። እናትና አያት በቀኑ ካልተስማሙ ዘግይቶ ከተባለው ቀን ቁጠሩ።