ጉልበት ሲታጠፍና ሲዘረጋ፦ የሁለቱ የባት ጡንቻዎች ልዩነትና በጣታቸው የሚራመዱ ሕፃናት ምርመራ

ሴሬብራል ፓልሲ ካለባቸው ሕፃናት መካከል ብዙዎቹ ተረከዛቸውን መሬት ሳያስነኩ በጣታቸው ይራመዳሉ። ከእነዚህ ውስጥ አንዳንዶቹ ግን ቁጢጥ ብለው ሲጫወቱ ተረከዛቸው ሙሉ በሙሉ መሬት ላይ ያርፋል። ሲራመድ መሬት የማይደርስ ተረከዝ ቁጢጥ ሲባል መድረሱ ለወላጅ እንቆቅልሽ ሊመስል ይችላል፤ እንዲያውም ልጁ ሆን ብሎ በጣቱ የሚሄድ የሚመስላቸው አይጠፉም። የነገሩ መፍቻ ያለው ከቁርጭምጭሚቱ ሳይሆን ከጉልበቱ ነው። ቁጢጥ ያለ ልጅ ጉልበቱ ታጥፏል፤ እግሩን ወደ ፊት ወርውሮ የሚረግጥ ልጅ ጉልበቱ ሊዘረጋ ተቃርቧል። በእነዚህ ሁለት አቋሞች መካከል ከሁለቱ የባት ጡንቻዎች አንደኛው ርዝመቱን ይለውጣል፤ ሌላው አይለውጥም።

ላይኛው ጡንቻ ጋስትሮክኔሚየስ ይባላል። ሁለት ራሶች ያሉት ሲሆን ሁለቱም የሚነሡት ከጉልበት በላይ፣ ከጭን አጥንት የታችኛው ጫፍ ጀርባ ነው። ከሥሩ የተነጠፈው ሰፊ ጡንቻ ደግሞ ሶሊየስ ነው፤ እርሱ የሚነሣው ከጉልበት በታች፣ ከቲቢያና ከፊቡላ አጥንቶች ጀርባ ነው። ሁለቱ ወደ ታች ሲወርዱ በአኪለስ ጅማት ይዋሐዱና ተረከዝ ላይ ይተከላሉ። እንግዲህ ጋስትሮክኔሚየስ ጉልበትንና ቁርጭምጭሚትን ያቋርጣል፤ ሶሊየስ ግን ጉልበትን አያውቀውም። ቀሪው ማብራሪያ ሁሉ ከዚህ አንድ የአቀማመጥ ልዩነት የሚመነጭ ነው።

የልዩነቱን መጠን በቀላል ስሌት መገመት ይቻላል። በአዋቂ ሰው የጋስትሮክኔሚየስ መስመር ከጉልበት መዞሪያ ማዕከል በግምት 2 ሴንቲ ሜትር ይርቃል፤ የአኪለስ ጅማት ከቁርጭምጭሚት ማዕከል ያለው ርቀት ደግሞ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ነው። ጉልበት 90 ዲግሪ ሲታጠፍ የጡንቻው መነሻ ወደ ተረከዙ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቀርባል። ይህ የተገኘ መላላት በቁርጭምጭሚት በኩል ሲመነዘር ከ30 ዲግሪ በላይ የሆነ እንቅስቃሴ ያህላል። ርቀቶቹ እንደ መገጣጠሚያው ማዕዘን ስለሚለዋወጡ ቁጥሩ ግምት ብቻ ነው፤ ሆኖም ያጠረ ጋስትሮክኔሚየስ ያለው ልጅ ጉልበቱን አጥፎ ተረከዙን መሬት ለማስነካት በቂ ትርፍ እንደሚያገኝ ያሳያል።

መላላቱ ርዝመትን ብቻ ሳይሆን ኃይልንም ይነካል። ጡንቻ ከተመጣጣኝ ርዝመቱ በታች ሲያጥር የሚያመነጨው ኃይል ይቀንሳልና፣ ጉልበቱ በታጠፈ ሰው ተረከዝን የማንሣት ሥራ በአብዛኛው በሶሊየስ ላይ ይወድቃል። እዚህ ላይ ግን በየጂምናዚየሙ የሚነገር አንድ ስሕተት አለ፤ ጉልበት ሲዘረጋ ጋስትሮክኔሚየስ ብቻ፣ ሲታጠፍ ሶሊየስ ብቻ ይሠራል ይባላል። የመጀመሪያው አባባል ትክክል አይደለም። ሶሊየስ ጉልበቱ ቢዘረጋም ቢታጠፍም ይሠራል፤ የሚለዋወጠው የጋስትሮክኔሚየስ ድርሻ ነው። በ2023 የታተመ አንድ የጃፓን ጥናት ጤነኛ አዋቂዎችን ለ12 ሳምንታት በአንድ እግራቸው ጉልበት ዘርግተው፣ በሌላው ጉልበት አጥፈው ተረከዝ የማንሣት ልምምድ እንዲሠሩ አድርጎ ነበር። ጉልበቱ በተዘረጋው እግር የጋስትሮክኔሚየስ ሁለት ራሶች በመጠን 9 እና 12 በመቶ ገደማ ሲያድጉ፣ በታጠፈው እግር ዕድገታቸው ከ2 በመቶ በታች ነበር። ሶሊየስ በሁለቱም እግሮች ያደገው ከ2 እስከ 3 በመቶ ያህል ነው።

ወደ ሕፃናቱ ስንመለስ፣ ይህን የርዝመት ልዩነት ወደ ምርመራ የለወጠው ስዊድናዊው የአጥንት ሐኪም ኒልስ ሲልቨርሾልድ ሲሆን ምርመራው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። አሠራሩ ቀላል ይመስላል። ልጁ በጀርባው ይተኛል፤ መርማሪው በመጀመሪያ ጉልበቱን 90 ዲግሪ አጥፎ የእግሩን መዳፍ ወደ ቅልጥሙ በዝግታ ይገፋና ማዕዘኑን ይለካል። ከዚያ ግፊቱን ሳይለቅ ጉልበቱን ይዘረጋና እንደገና ይለካል። ሶሊየስ፣ የአኪለስ ጅማቱና የቁርጭምጭሚቱ መገጣጠሚያ በሁለቱም ልኬቶች አንድ ዓይነት ናቸው። ስለዚህ ጉልበቱ ሲዘረጋ የጠፋው ማዕዘን ሁሉ የጋስትሮክኔሚየስ ነው።

ለአብነት የ7 ዓመት ልጅ ይታሰብ። ጉልበቱ ሲታጠፍ መዳፉ ከቅልጥሙ ጋር ከሚሠራው ቀጥ ያለ ማዕዘን 15 ዲግሪ ወደ ላይ ያልፋል፤ ጉልበቱ ሲዘረጋ ግን ቀጥ ያለ ማዕዘን ለመድረስ 10 ዲግሪ ይጎድለዋል። ልዩነቱ 25 ዲግሪ ነው። የመጀመሪያው ልኬት ሶሊየስ በቂ ርዝመት እንዳለው ይመሰክራል፤ ሁለተኛው ያጠረው ጋስትሮክኔሚየስ መሆኑን ይለያል። ሌላ የ9 ዓመት ልጅ ደግሞ ጉልበቱ ቢታጠፍ 10 ዲግሪ፣ ቢዘረጋ 15 ዲግሪ ይጎድለዋል እንበል። ይህኛው ቁጢጥ ቢልም ተረከዙ መሬት አይነካም። መሰናክሉ በዋናነት ከጉልበት በታች ስለሆነ ወይ ሶሊየስ አጥሯል፣ ወይ መገጣጠሚያው ራሱ ተገድቧል። በመጨረሻው የግፊት ነጥብ ላይ ባት ውስጥ የሚሰማ ውጥረት ወደ ጡንቻው ሲያመለክት፣ ከቁርጭምጭሚት ፊት ለፊት ድንገት የሚገታ ጠንካራ እንቅፋት ወደ አጥንቱ ያመለክታል።

ስሕተት የሚበዛው በአያያዝ ላይ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸው ሕፃናት የእግር መዳፍ መካከል ብዙውን ጊዜ የላላ ነው። መርማሪው የጣቶቹን ሥር ይዞ ወደ ላይ ቢገፋ መዳፉ መሀል ላይ ይሰበርና የፊት ክፍሉ ብቻ ይነሣል፤ ተረከዙ ግን ከቦታው አይነቃነቅም። በመለኪያው ላይ የሚነበበው ጥሩ ቁጥር ከቁርጭምጭሚት የመጣ አይደለም፤ ያጠረው ጡንቻም ሳይታይ ይቀራል። ይህን ለመከላከል ተረከዙን በአንድ እጅ ጨብጦ ጥቂት ወደ ውስጥ ማዘንበል ያስፈልጋል፤ በዚህ አያያዝ የመዳፉ መካከል ይቆለፋል። ንባቡም መወሰድ ያለበት ከተረከዙ እንቅስቃሴ እንጂ ከጣቶቹ ከፍታ አይደለም።

ሁለተኛው ወጥመድ ጉልበቱ ነው። ከጭን ጀርባ ያሉት ጡንቻዎች ያጠሩበት ልጅ ጉልበቱ ፈጽሞ ላይዘረጋ ይችላል። 15 ዲግሪ የቀረው ጉልበት ከላይ በተጠቀሰው ስሌት መሠረት ለጋስትሮክኔሚየስ በቁርጭምጭሚት በኩል 6 ዲግሪ ያህል ይቆጥብለታል። የጉልበቱ ማዕዘን ከቁርጭምጭሚቱ ንባብ ጎን ካልተጻፈ ከወራት በኋላ ሌላ መርማሪ የሚወስደው ልኬት ሊነጻጸር አይችልም። በተጨማሪም ነቅቶ ባለ ልጅ ላይ ጡንቻው በግትርነት ምላሽ ስለሚሰጥ፣ በእርግጥ ያጠረውን ከተኮማተረው ለመለየት ግፊቱ ዝግ ያለ መሆን አለበት። ቀዶ ሕክምና በታሰበ ጊዜ ልጁ በማደንዘዣ ከተኛ በኋላ ምርመራው እንደገና የሚደረገው በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚደረገው ከልኬቱ ተነሥቶ የሚወሰነው ውሳኔ ለመመለስ አስቸጋሪ ስለሆነ ነው። ለ9 ዓመቱ ልጅ፣ እንቅፋቱ አጥንት አለመሆኑ ከተረጋገጠና ማስታመሚያዎቹ ካልሠሩ፣ የአኪለስን ጅማት ማርዘም ሊታሰብ ይችላል፤ ጅማቱ የሁለቱም ጡንቻዎች ነውና ሁለቱንም ያረዝማል። ለ7 ዓመቱ ግን ያው ቀዶ ሕክምና ጤነኛውን ጡንቻ ይጎዳል። የሶሊየስ ክሮች አጫጭር ናቸው፤ በአዋቂ እንኳ ርዝመታቸው 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጅማቱ በ2 ሴንቲ ሜትር ቢረዝም እነዚህ ክሮች ጅማቱን ለማወጠር ብቻ የርዝመታቸውን ግማሽ ያህል ማጠር ይኖርባቸዋል፤ ለሥራ የሚተርፋቸው ኃይል ጥቂት ነው።

ሶሊየስ የሚሠራው ሥራ ደግሞ በቀላሉ የሚተካ አይደለም። በስፋቱ ከሁለቱ የጋስትሮክኔሚየስ ራሶች ድምር ይበልጣል፤ ከክሮቹም በአማካይ 80 በመቶ ያህሉ ዝግ ያሉና የማይደክሙ ዓይነት ናቸው። አንድ እግር መሬት ረግጦ ሰውነት በላዩ ሲያልፍ ቅልጥም ወደ ፊት እንዳይወድቅ ከኋላ የሚይዘው እርሱ ነው። ቅልጥሙ ሲያዝ ጭኑ በላዩ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ጉልበትም ይዘረጋል። በአጭሩ፣ ጉልበትን የማያቋርጠው ጡንቻ ቆመን ስንሄድ ጉልበትን ቀጥ አድርገው ከሚይዙት ዋነኞቹ አንዱ ነው። ሶሊየሱ የላላበት ልጅ ተረከዙ መሬት ይነካል፤ ቤተሰቡም ለጥቂት ወራት ሊደሰት ይችላል። ከዚያ ቅልጥሙ በእያንዳንዱ እርምጃ ወደ ፊት ይሸሻል፣ ጉልበቱ ይታጠፋል፣ ጭኑም ሸክሙን ሳያቋርጥ ለመሸከም ይገደዳል። ቁመቱና ክብደቱ ሲጨምሩ በጣቱ ይሄድ የነበረው ልጅ ጉልበቱን አጥፎ፣ ጎንበስ ብሎ የሚሄድ ወጣት ይሆናል፤ ይህ አካሄድ ከቀድሞው ይበልጥ ያደክማል፣ ለማቃናትም ይከብዳል።

ለ7 ዓመቱ ልጅ የሚስማማው መንገድ ጋስትሮክኔሚየስን ብቻ ለይቶ ማርዘም ነው። ሲልቨርሾልድ ራሱ ያቀረበው ቀዶ ሕክምና የጡንቻውን መነሻዎች ከጭን አጥንት ማላቀቅ ነበር፤ ጡንቻው ጉልበትን ማቋረጡ ሲቀር እንደ ሶሊየስ ባለ አንድ መገጣጠሚያ ጡንቻ ይሆናል። በ1950 ስትሬየር የገለጸው ዘዴ ደግሞ የጋስትሮክኔሚየስን ጅማታዊ ሉህ ከሶሊየስ ጋር ከመዋሐዱ በፊት ይቆርጣል፤ ሶሊየስ ሳይነካ ይቀራል። በቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ላይም የሚደረገው ማረጋገጫ ያው የመጀመሪያው ምርመራ ነው፦ ጉልበቱ ተዘርግቶ መዳፉ ወደ ላይ ይገፋል፤ አሁን የሚነበበው ማዕዘን ጉልበቱ ታጥፎ ከተነበበው ጋር ከተቀራረበ ሐኪሙ መቁረጡን ያቆማል።